የባህር ዳር ሱቅ የሚከተለው የትኛውን ዶላር ነው?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬም ከባህር ዳር ነኝ። የማወራው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነገር ነው። ዶላር ጨመረ ሲባል የሱቅ ዋጋ ምን ያህል ይጨምራል? በስንት ጊዜ ውስጥስ?

ለአዲስ አድማጮች፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የትንንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። አብዛኞቹ የባጃጅ መለዋወጫ ሻጮች ናቸው። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ። ይህች ከተማ ያለ ባጃጅ አትንቀሳቀስም፣ ባጃጅ ደግሞ ያለ ዶላር አይጠገንም። ስለዚህ ምንዛሪ ሲነቃነቅ መጀመሪያ የማየው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን አለ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 120 ብር ደረሰ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ ዋጋም እጥፍ ይሆናል ብሎ ፈራ። እኔም የብዙ ሰው ስልክ መለስኩ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሐምሌ 2016 ላይ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ18 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ከዓመት በኋላ 14 በመቶ አካባቢ ወረደ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ውሸት ነው" ይላል። ኪሱ የሚነግረው ሌላ ስለሆነ እረዳዋለሁ። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፣ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው። በዚህ ውስጥ የባንክ ብድር ዕድገት መገደቡም ድርሻ አለው። እኔ ግን ዛሬ መቆየት የምፈልገው ብዙም በማይወራው ምክንያት ላይ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። ሐምሌ 21 ቀን መደርደሪያው ላይ የነበረው ጎማ ዋጋው በየትኛው ዶላር የተተመነ ነበር? በ57ቱ? አይደለም። ያን ጊዜ ጥቁር ገበያው ከ110 ብር በላይ ነበር። ባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭው ሻጭ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። አስመጪው የሚፈልገውን ዶላር በሙሉ ከባንክ አያገኝም ነበር። የጎደለውን ከጥቁር ገበያ ይሞላ ነበር። ገበያው ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ደግሞ ያ የመጨረሻው፣ በውድ የተገዛው ዶላር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ነው የማነሳቸው፣ የማንም መዝገብ አይደሉም። ውጭ አገር 10 ዶላር የሚገዛ የባጃጅ ጎማ አለ እንበል። አስመጪው ዶላሩን በ115 ብር ከጥቁር ገበያ አገኘ። ግዢው 1,150 ብር መጣ። ቀረጥና ታክስ ተደምሮ 40 በመቶ ነው እንበል። ጉምሩክ የሚያሰላው ግን በባንክ ምንዛሪ ነው። ለጉምሩክ ጎማው 570 ብር ነው፣ የ40 በመቶው ድርሻ 228 ብር። ማጓጓዣና የነጋዴዎች ትርፍ 400 ብር ጨምሩበት። ባህር ዳር ላይ 1,778 ብር ይሸጣል።

አሁን ባንኩም 120 ገባ። ግዢው 1,200 ብር ሆነ፣ ልዩነቱ 50 ብር ብቻ ነው። ቀረጥና ታክሱ ግን ከ1,200 ላይ ስለሚሰላ 480 ብር ገባ። ማጓጓዣና ትርፉም 450 ደረሰ እንበል። ድምሩ 2,130 ብር። ጭማሪው 20 በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የባንክ ዶላር 110 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ጎማው የጨመረው 20 በመቶ ነው። ከዚህ ከ352 ብር ጭማሪ ውስጥ ደግሞ 252ቱ ቀረጥና ታክስ ነው። ጎማውን ያስወደደው በዋናነት የጉምሩክ ስሌት ነው፣ የመግዣው ዶላርማ ድሮም ውድ ነበር። ነጋዴው "ዶላር ጨምሮብኝ ነው" ሲል አልዋሸም፣ ግን ዶላሩ የገባው በጉምሩክ በር ነው።

ሌላም ሰው አለ። ዶላሩን በሙሉ ከባንክ በ57 ያገኘ ዕድለኛ አስመጪ። እሱን ጎማው 570፣ ሲደመር 228፣ ሲደመር 400፣ በድምሩ 1,198 ብር ነው የሚያወጣው። በዚያ ዋጋ ሸጠ? አልሸጠም። ገበያው 1,778 እየከፈለ ለምን ያረክሳል? 580 ብሩ የእሱ ሲሳይ ነበር። ምንዛሪው ሲለቀቅ ያ ሲሳይ ቀረበት። የእሱ ወጪ 78 በመቶ ሲወጣ ገዢው ያየው 20 በመቶ ነው። ስለዚህ የምንዛሪው ለውጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ከገዢው ኪስ ሳይሆን ርካሽ ዶላር ያገኝ ከነበረው ሰው ነው። ይህን ማለት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ለዓመታት ያንን ልዩነት ማን እንደሚበላው መዝገብ ላይ እያየሁ ሲያናድደኝ ኖሯል።

ይህ ግን ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ዋጋው በእውነት በ57 የተተመነ ዕቃም ነበር። ነዳጅ አንዱ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ማዳበሪያም እንዲሁ። ቤንዚን ምንዛሪው በተለቀቀበት ሰሞን በሊትር ከ80 ብር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። በ2017 ግንቦት ከ120 ብር በላይ ሆነ። በአንድ ጊዜ ግን አልወጣም፣ በየጥቂት ወሩ ደረጃ ደረጃ እያለ ነው። መንግሥት ድጎማውን ቀስ እያለ ስላነሳ ለውጡ ወደ እኛ የደረሰው ተከፋፍሎ ነው። ጎማውና ቤንዚኑ በአንድ ባጃጅ ላይ ናቸው፣ የሚሄዱት ግን በተለያየ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። ነሐሴ 2016 ላይ አንድ ደንበኛዬ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ሙሉ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎማ ጠየቀ።

"የለም" አሉት ደንበኛዬ።

ሹፌሩ ከወጣ በኋላ "ጋሼ፣ ይሄው ስንት ጎማ አለ አይደል እንዴ?" አልኳቸው።

"አለ እህቴ። ግን በዚህ ዋጋ ብሸጠው በምን እተካዋለሁ? መርካቶ ዋጋ አልሰጥም እያሉኝ ነው" አሉኝ።

ስግብግብነት ይመስላል። በዚያ ሰሞን የንግድ ቢሮዎችም ያለ ምክንያት ዋጋ ጨመሩ ያሏቸውን ሱቆች ሲያሽጉ ነበር። እኔ ግን ከመዝገቡ አንጻር ልንገራችሁ። ሰውየው ጎማውን የገዙት በ1,500 ብር ነው እንበል። በ1,778 ቢሸጡት መዝገቡ 278 ብር ትርፍ ይላል። የሚቀጥለው ጎማ ግን መርካቶ ላይ 1,850 ከሆነ በሸጡበት ብር አንድ ጎማ መልሰው አይገዙም። መዝገቡ አተረፉ ይላል፣ መደርደሪያው እየሳሳ ነው። በዚያ ላይ ግብር የሚከፍሉት መዝገቡ ትርፍ ባለው ብር ላይ ነው። ለዚህ ነው ዋጋ አዲሱ ዕቃ ወደብ ሳይደርስ የሚንቀሳቀሰው። ነጋዴው የሚተምነው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሚተካበት ነው።

ይህ ስሌት ዶላር ሲወርድም መሥራት ነበረበት። መተኪያው ከረከሰ ዋጋውም ይውረድ። እዚያ ላይ ግን ነጋዴ ሁሉ የገዛበትን ያስታውሳል። "በውድ ነው ያስገባሁት" ይላል። ገዢውም ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ካልጠየቀ ማንም አያስገድደውም። ወደ ላይ ፈጥኖ ወደ ታች የሚዘገይ ዋጋ በብዙ አገር ተጠንቷል፣ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እኔ ግን እዚህ ላይ ነጋዴን አልከላከልም። መተኪያ ዋጋ ለመጨመር ምክንያት ከሆነ ለመቀነስም ምክንያት ነው።

ባህር ዳር ላይ ስሌቱን የሚያደበላልቅ ሌላ ነገር አለ። መንገድ። የእኛ ዕቃ ከጅቡቲ መርካቶ ገብቶ፣ ከዚያ በደጀን በደብረ ማርቆስ አድርጎ ነው የሚመጣው። ካለፉት ዓመታት ጀምሮ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ የጭነት ዋጋ ይሰቀላል። ጎማ ሲወደድ ዶላር ነው ወይስ መንገድ? እኔ የምለየው እንዲህ ነው። በአንድ ቀን የመርካቶን የጅምላ ዋጋና የእኛን ዋጋ እጽፋለሁ። መርካቶ ከወጣ ነገሩ ዶላር ወይም ቀረጥ ነው። መርካቶ ባለበት ቆሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰፋ መንገድ ነው። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በዶላር የሚያሳብቡ ሰዎች አሉ። ስልክ ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሰዎች "ጎማው ከህንድ ነው፣ ሩፒ ሲረክስ ለምን አይረክስልንም?" ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ጊታ ጎፒናት እና ባልደረቦቿ በዚህ ላይ ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። የዓለም ንግድ ትልቁ ክፍል ደረሰኙ የሚቆረጠው በዶላር ነው። የህንዱ ሻጭ ለእኛ በዶላር ከተመነ ሩፒ ቢረክስ ትርፉ ለእሱ ነው፣ ቶሎ ወደ እኛ አይደርስም። ለእኛ ወሳኙ ብር ከዶላር ጋር ያለው ነገር ነው።

ከሐይቁ የሚመጣውን ዓሣ ሳላነሳ አላልፍም። ቆሮሶ ከውጭ አይመጣም። ግን መረቡ ናይለን ነው፣ ከውጭ የገባ። በሞተር ጀልባ የሚያጠምደው ቤንዚንና የሞተር ዕቃ ይገዛል። በደንገል ታንኳ የሚወጣው መረብ ብቻ ነው የሚገዛው። ሁለቱ ወደ ዳር ሲመጡ ዓሣውን የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው። ገዢ በምን እንደተጠመደ አይጠይቅም። ቤንዚን ሲወደድ ባለሞተሩ ዋጋ መጨመር ይፈልጋል። ይሳካለት እንደሆነ የሚወስነው ግን ለገበያው ዓሣ በብዛት የሚያቀርበው ማን ነው የሚለው ነው። ባለሞተሮቹ ከበዙ ዋጋው ይወጣል፣ ባለታንኳውም ያለ ተጨማሪ ወጪ ያተርፋል። ካልበዙ ባለሞተሩ ጭማሪውን ከራሱ ኪስ ይከፍላል። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ነው፣ ዓሣ የሚበላው ሰው ብዛት ራሱ ይለዋወጣል።

ስለዚህ ባንክ ምንዛሪ ቀየረ የሚል ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ የጥቁር ገበያውን ጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ከሆነ የባንኩ ለውጥ ቶሎ ወደ መደርደሪያው ይመጣል። ልዩነቱ እንደገና ከሰፋ ግን ሱቁ የሚከተለው ጥቁር ገበያውን ነው፣ ባንኩ ገና ምንም ሳይል። ጎማ የምትገዙ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት መርካቶ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ ደውሉለት።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጭነት ዋጋ እናወራለን። ደህና ሁኑ።