«ልጁ አለፈ?» ሲባል ደሴ ላይ ምን ይመለሳል

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ማለዳ። ከኋላ የጦሳ ተራራ።]

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ደሴ ነን። የጎረቤታችሁ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዷል እንበል። እናቱን መንገድ ላይ አገኛችኋቸው።

«እትዬ፣ ልጅዎ አለፈ?»

«ኢንሻአላህ» ካሉ ውጤቱ ገና ነው። «አልሐምዱሊላህ» ካሉ ግን መጥቷል። ያኔ እናንተ «ማሻአላህ!» ትላላችሁ። አንዷ ቃል ነገሩ የት እንደደረሰ ትነግራችኋለች።

[ምስል፦ በትልቁ የተጻፈ፦ ኢን ሻአ አላህ / ማ ሻአ አላህ]

ሁለቱን አስተያዩአቸው። መሐል ላይ ያለው «ሻአ» አንድ ነው፤ «ፈቀደ» ማለት ነው። የሚለያቸው ፊታቸው ነው። «ኢን» ሲገባ «አላህ ከፈቀደ» ይሆናል፣ ገና ለሚመጣው። «ማ» ሲገባ «አላህ የፈቀደው» ይሆናል፣ ሆኖ ለሚታየው። ስለዚህ «ትላንት ኮምቦልቻ ደርሼ መጣሁ፣ ኢንሻአላህ» አይባልም። ደርሳችሁ መጥታችኋላ! እሱ የ«አልሐምዱሊላህ» ቦታ ነው።

ሁለቱም ቃላት ጁምዓ ጁምዓ በሚቀራው በሱረቱል ከህፍ ውስጥ አሉ። በ23ኛውና 24ኛው አንቀጽ «ነገ ይህን አደርጋለሁ» ስትል አላህ ከፈቀደ በል የሚል ትእዛዝ አለ። 39ኛው ላይ ደግሞ በአትክልቱ የተመካ ሰው አለ። ጓደኛው «ወደ አትክልትህ ስትገባ ምነው ማሻአላህ ባልክ?» ይለዋል።

[ምስል፦ የልብስ ስፌት ቤት። መኪናው እየሠራ ነው።]

አሁን ሰው የሚቸገርበት ጋ እንምጣ። ቀሚስ ልታሰፉ ሄዳችሁ። «ጋሼ፣ መቼ ይደርስልኛል?»

«ሐሙስ ከዐስር በኋላ ነይ የኔ ልጅ፣ ኢንሻአላህ።»

ይሄ ቀጠሮ ነው። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱም አለ። ዐስር ማለት የከሰዓት በኋላው ሶላት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሂዱ። ሰውየው ቃላቸውን ሰጥተው ነገን ለአላህ ተዉት እንጂ ከቃላቸው አልሸሹም።

ሌላው ደግሞ አለ። ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ሳብ አድርገው «ኢንሻአላ...ህ» ብቻ። ቀን የለም፣ ሰዓት የለም። ብዙ ጊዜ ይሄ ሰው ላለማስቀየም የተባለ «አይመስለኝም» ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳልለይ ለሠርግ ያዘዝኩት ልብስ ሳይደርስልኝ ቀርቷል። አሁን ወዲያው «ጋሼ፣ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ልምጣ?» እላለሁ። «ነይ» ካሉ ጨርቁን እተዋለሁ። መልሰው «ኢንሻአላህ» ብቻ ካሉ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ። ይህን የምለው ቃሉን ለማሳነስ አይደለም። ዲኑን የሚያውቁ አባቶችም የሚቆጡት፣ ላያደርጉት ነገር ኢንሻአላህ ሲሉ ሲሰሙ ነው።

[ምስል፦ አራስ ቤት። የገንፎ ሳህን፣ ጭስ።]

ማሻአላህ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ቅደም ተከተሉ ነው። አራስ ልትጠይቁ ገብታችሁ ሕፃኑን ስታዩ መጀመሪያ «ማሻአላህ» በሉ። «አቤት አወፋፈሩ!» ከዚያ ይምጣ። ካገላበጣችሁት አያቱ «ኧረ ማሻአላህ በይ!» ይሏችኋል። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ሙገሳ ብቻውን ሲመጣ ዓይን ይፈራል፤ ቃሉ ያማረው ነገር ከማን እንደሆነ ያስታውሳል። ከብት ሲታይም፣ አዲስ ቤት ሲገባም እንዲሁ ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት «ከዓይን ያውጣው» የሚለው ለዚሁ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ እሱም «ማሻአላህ» ሲል ብትሰሙ አይግረማችሁ።

ለቅሶ ቤት ግን ማሻአላህን ተዉት። እዚያ የሚባለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ነው፤ እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያዋ እናት።]

ወደ እናትየው እንመለስ። ልጁ ባያልፍስ? ያኔም «አልሐምዱሊላህ» ሊሉ ይችላሉ። ምስጋና ለክፉም ለደጉም ነውና። በምን ትለያላችሁ? በድምፃቸው። ቃሉ ዝግ ብሎ ይወጣል፣ ዓይናቸው መሬት ያያል። እዚህ ላይ «ማሻአላህ!» ብሎ መጮህ ያስቀይማል።

ያኔ የወሎን ቃል አውጡ፦ አብሽር። በዓረብኛው «መልካም ዜና ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ» ነው። ወሎ ውስጥ ግን «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ሆኗል። ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ ሰውና ለትልቅ ሰው አብሽሩ።

«አብሽሩ እትዬ። ለከርሞ ያልፋል።»

እሳቸውም ቀና ብለው ይመልሱላችኋል፦ «ኢንሻአላህ።»