ወራጅ አለ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዶሮው ከተሰማችሁ ያው የጎረቤታችን ነው፣ በዓሉ አልፎ እንኳን አልታረደም፣ እንግዲህ የዘላለም ሆኗል።

ባለፈው ኤፒሶድ ስለ ቤት ኪራዩ እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር አይደል፣ አልቀጥልም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሎሚ አለ። የኔ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ቆዳው ደርቆ ድንጋይ እየሆነ ነው፣ መጣል አቃተኝ፣ እና እሱን እያየሁ ነው የማወራችሁ።

ሎሚው የመጣው ታክሲ ውስጥ ጭንቀቴ የተነሳብኝ ዕለት ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ፣ የኋላ ወንበር፣ መሃል ላይ። እኔን የምታውቁኝ አሁን እየሳቃችሁ ነው፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ረዳቱም «ግቢ እህት፣ አንድ ሰው ነው» ሲል ገባሁ። በዛ ላይ ከአክስቴ ቤት ነው የመጣሁት፣ አቦል ቶና በረካ ሦስቱንም ጠጥቼ፣ በረካውን ሳትጠጪ አትሄጂም ተብዬ። መስኮቱ ዝግ። በስተቀኜ ያለው ልጅ ትንሽ ገርበብ ሲያደርገው ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞር እንኳን ሳይል «ንፋሱ!» አለ፣ ተዘጋ። እዚህ አገር ሰው ከታፈነ አየር ይልቅ ንፋስ ይፈራል፣ እሱ ራሱን የቻለ ኤፒሶድ ነው።

እንግሊዝ ኤምባሲን አልፈን ቀበና ልንደርስ ስንል ቆምን። ትራፊኩ በቃ ቆመ። ስልኬ ከምሽቱ 12:20 ይላል። ሰዓቱን የማውቀው ጽፌው ስለነበረ ነው፣ ያው አንድ ወር ሙሉ ስለምለማመደው ነገር ነግሬያችሁ የለ፣ ጭንቀቱ ሲነሳ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ሲወጣም ሲወርድም አየዋለሁ። 12:20 ላይ 3 ብዬ ጻፍኩ። ደረቴ መሃል ላይ የሆነ ጥብቅ ያለ ነገር፣ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል። 12:24 ላይ 6። ሲኒው ሰፌድ ሆነ፣ እስከ ጉሮሮዬ ደረሰ፣ እጄ ላበው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ እኮ! እያየሁት ነበር፣ «ጥብቅ አለ፣ ሙቀት መጣ፣ ልብ እየመታ ነው» እያልኩ በልቤ፣ ልክ እንደተማርኩት።

ከዛ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ «ሄደ ወይ?» ብዬ አየሁ። ነገርዬው የተበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየደጋገምኩ የማየው ይቺን ነጥብ ነው። ማየትና መጠበቅ ይለያያሉ። እያየሁት መስሎኝ እንዲሄድልኝ እየጠበቅኩ ነበር፣ በየአስር ሰከንዱ «አሁንስ? አሁንስ?»። አልሄደም። አልሄደም ማለት ደግሞ ዘዴው አይሠራም፣ ዘዴው ካልሠራ እዚህ መሃል ልወድቅ ነው፣ 8።

በስተግራዬ እማማ ነበሩ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጭናቸው ላይ የጎመን ፌስታል። አዩኝ። «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» «ደህና ነኝ እማማ።» ምንም አላሉም፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሎሚ አወጡ፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው «አሽትቺ» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሸተተኝ። ያ የሎሚ ሽታ እስከ አንጎሌ ገባ፣ የሆነች ግማሽ ሰከንድ... እርጋታ ነበረች። እውነቴን ነው። እና እዛች እርጋታ ላይ መቆየት ስችል አፌ ቀድሞኝ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ተነሳ ታጠፈ፣ ረዳቱ «እህት አራት ኪሎ አላልሽም?» አለ፣ «እዚህ ጋ ነኝ» አልኩ፣ ዋሸሁ። ወረድኩ። 12:27። አስፋልቱ ላይ በቆምኩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 2 ሆነ። በቃ፣ ጠፋ። ሎሚው እጄ ላይ ነው፣ ታክሲው ደግሞ ሁለት ሜትር እንኳን አልሄደም፣ እማማ በመስኮት እያዩኝ ነው፣ እኔም እያየኋቸው ነው፣ ሁላችንም ቆመናል። እንዲህ አይነት ሀፍረት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እና ያስቸገረኝ እፎይታው ነው። ያን ያህል ስለሚጣፍጥ። አእምሮዬ የተማረው «ስለወረድሽ ነው የተረፍሽው» የሚለውን ነው፣ በሚቀጥለው ቀን ገና መገናኛ ሰልፍ ላይ ሆኜ 5 ነበርኩ። ሳልሳፈር! ወርጄ ያገኘኋት አንድ ደቂቃ በማግስቱ እንዲህ አስከፈለችኝ።

ክሌር ዊክስ የምትባል አውስትራሊያዊት ሐኪም ነበረች፣ እሷ ራሷ በወጣትነቷ የልቧ ምት ያስቸግራት ነበር፣ ነገሩን ለሁለት ከፈለችው። አንደኛው ፍርሃት ከሰውነት ይመጣል፣ ድንገት፣ ሳይጠራ። ሁለተኛው ያንን አንደኛውን መፍራት ነው፣ «ወይኔ መጣ፣ ምን ሊያደርገኝ ነው» የሚለው። አንደኛው ከተተወ ራሱ ይወርዳል። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚሉት እንኳን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። የሚያራዝመው ሁለተኛው ነው፣ እንጨት እየጨመረ። የኔ ሂሳብ ምን ይላል? 12:20 ተነሳ፣ 12:27 ወረድኩ። ሰባት ደቂቃ። ምናልባት ጫፉ ላይ ነበርኩ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ብቆይ... አላውቅም፣ የማላውቀው ስለወረድኩ ነው።

ሞገድ ሞገድ የሚሉትም ነገር አለ። ስሜቱ እንደ ሞገድ ይነሳል ይወርዳል፣ ሞገድ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ላዩ ላይ ሁኑ የሚለውን ያስተማረው አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው፣ ከሱስ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች፣ አምሮቱ ሲመጣባቸው። ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ባህር አይቼ አላውቅም! ያየሁት ላንጋኖን ነው፣ የላንጋኖ ሞገድ ደግሞ እግር ያጥባል እንጂ ማንንም አያንሸራትትም። እኔ የማውቀው የሚነሳ ነገር ጀበና ነው። ጀበና ሲነሳ ደግሞ ቁጭ ብለሽ አታይውም፣ ካላወረድሽው ይገነፍላል። አሁን ሳስበው ታክሲው ውስጥ በጀበና ሂሳብ ነበር የማስበው፣ ካላወረድኩት ይገነፍላል። ስለዚህ ወረድኩ፣ ሃሃ። ጀበናው ከስሩ ከሰል አለበት፣ የኔ ከሰል ግን... እሺ ይሄን ምሳሌ ብዙ ብገፋው ይበላሻል፣ እናቴ ደግሞ ሰምታ ትስቅብኛለች።

ብዙዎቻችሁ «እንዴት ነው የሚጀመረው» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ አትጀምሩ፣ የኔ አንዱ ስህተት እሱ ነበር። ቤት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ 3 የሆነች ጭንቀት ይዛችሁ። እኔ ለምሳሌ ለአከራዬ መደወል አለብኝ ብዬ ሳስብ 3 ነኝ። ስልካችሁ ላይ የ3 ደቂቃ ሰዓት ሙሉ። እግራችሁ መሬት ይንካ፣ ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም፣ ሲጨፍን የሚብስበት ሰው አለ፣ ግድግዳ ላይ የሆነች ነጥብ ማየት ይበቃል። ከዛ የት ጋ እንዳለ ፈልጉት፣ ደረት ነው፣ ሆድ ነው፣ መንጋጋ ነው? ስንት ያህላል፣ ይሞቃል ይቀዘቅዛል፣ ዝም ብሎ ነው ወይስ ይንቀሳቀሳል? ስም ስጡት፣ አንድ ቃል፣ «ጥብቅ»፣ «ሙቀት»። «አከራዬ ሊያስወጣኝ ነው» ሲመጣ እሱ ስሜት አይደለም ሐሳብ ነው፣ «ሐሳብ» ብላችሁ ወደ ደረታችሁ ተመለሱ። መቶ ጊዜ ከመጣ መቶ ጊዜ። ቁጥር ስትጀምሩ አንዴ፣ መሃል ላይ አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ፣ ከዛ በላይ አትቁጠሩ፣ ከዛ በላይ ከሆነ የኔ «አሁንስ? አሁንስ?» ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ካለም አልተበላሸም፣ ስታዩት መጀመሪያ ከፍ ማለቱ ያለ ነው።

ሰው ሁሉ «በረጅሙ ተንፍሺ» ይላል፣ እኔ በረጅም በረጅሙ እየሳብኩ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ ደንዝዘው፣ ራሴን አዙሮኝ ያውቃል። ያ በሽታ አይደለም፣ ከሚገባው በላይ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ ነው። ትንፋሹን ማየት ከባሰባችሁ ተዉት፣ የእግራችሁን መዳፍ እዩ፣ ወለሉን እንዴት እንደነካው። እግር አይፎካከርም።

ደግሞ ይቺን ሳልል አላልፍም፣ እኔ ወደዚህ የገባሁት የልብ ምርመራውን ኢሲጂ ተነስቼ፣ የታይሮይድ ምርመራም አድርጌ ደህና ነሽ ከተባልኩ በኋላ ነው። ደረት የሚያመው ደረጃ ስትወጡ ከሆነ፣ ራስ የሚያስት ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም፣ ፖድካስት አይደለም። ክፉ ነገር ያለፈባችሁና ዝም ስትሉ ያ ነገር የሚመጣባችሁ ከሆነም ብቻችሁን አትሞክሩት፣ ከባለሙያ ጋር ይሁን።

እና ሐሙስ ዕለት ተመልሼ ተሳፈርኩ። ያው መንገድ፣ ያው የኋላ ወንበር። ሾላ ጋ 4፣ ኤምባሲው ጋ 7፣ አፌ ላይ መጣ፣ «ወራ...» እስክል ድረስ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አየኝ። ሳል አስመሰልኩት። እግሬን አየሁ፣ ጫማዬን፣ ጫማዬ ውስጥ ያለውን ጣቴን፣ ቀበና ድልድዩን ስናልፍ 5 ሆነ፣ ደስ አለኝ፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ ተመልሶ 6፣ ሁለተኛ ዙር አለው ለካ! አራት ኪሎ ስወርድ 3 ነበር። ዜሮ አልሆነም። አሸነፍኩ ምናምን ብዬ ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር ግን ያን ቀን ቡና አልጠጣሁም፣ መስኮቱም ክፍት ነበር፣ ትራፊኩም እንደዛን ቀን አልቆመም፣ እና ዘዴው ነው ወይስ በረካው መቅረቱ ነው፣ እንጃ።

ያልገባኝ ሎሚው ነው። እማማ ሎሚውን የያዙት ለኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው፣ መንገድ ያቅለሸልሻቸው ይሆናላ፣ እስከ ፒያሳ ይሁን እስከ የት እንደሚሄዱ እንኳን አልጠየቅኳቸውም፣ ሎሚያቸውን ይዤባቸው ወረድኩ። እኔ ስለ ደረቴ ሳስብ እሳቸው ደግሞ... ሐሙስ ዕለትም ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር፣ ካገኘኋቸው ብዬ፣ የደረቀ ሎሚ ልመልስላቸው ነው እንዴ? አዲስ ገዝቼ ልያዝ ይሆናል። ቆይ፣ ዶሮው ነው ወይስ በሩ... በሩ ነው፣ አከራዬ ናቸው መሰለኝ። 4።