ባሕሩን በማንሣት ፀሐይ ለምን ሁለተኛ ሆነች?

አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለብዙ ዓመታት በተሳሳተ መንገድ የተረዳሁት ነው። የባሕር ውሃ በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ሞልቶ የሚጎድለው ጨረቃ ስለምትስበው መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሆኖም ፀሐይ ምድርን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃው በ180 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ባነበብሁ ጊዜ ያወቅሁ የመሰለኝ ነገር ሁሉ ተናጋብኝ። ይህን ያህል የበረታች ፀሐይ እያለች ባሕሩ ስለምን ጨረቃን ይከተላል?

መልሱ ያለው በስበቱ ብርታት ላይ ሳይሆን፣ ስበቱ ከምድር አንዱ ወገን እስከ ሌላው ወገን በሚያሳየው ልዩነት ላይ ነው። ጨረቃ የምድርን እምብርት የምትስብበትን ኃይል 100 ብለን እንነሣ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች፤ ከምድር እምብርት እስከ ገጿ ደግሞ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ጨረቃ ያዞረው ባሕር ትንሽ ስለሚቀርባት በ103.4 ይሳባል፤ በተቃራኒው ወገን ያለው ደግሞ ስለሚርቃት በ96.8 ብቻ ይሳባል። የቅርቡ ውሃ ከምድር እምብርት ቀድሞ ይሄዳል፣ የሩቁ ውሃ ከእምብርቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሙላት በአንድ ጊዜ በሁለቱም ወገን የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። በሁለቱም ወገን ያለው ልዩነት 3.3 ያህል ነው።

በዚሁ መለኪያ የፀሐይ ስበት 18,000 ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ የምድር ስፋት ከዚያ ርቀት አንጻር ከምንም አይቆጠርም፤ በቅርቡ ወገንና በእምብርቱ መካከል ያለው የስበት ልዩነትም 1.5 ብቻ ነው። እንግዲህ ፀሐይ ምድርን በሙሉ አጥብቃ ይዛ በዙሪያዋ ታዞራለች፤ ባሕሩን ከምድር ለይቶ በማንቀሳቀስ ረገድ ግን ከጨረቃ ግማሽ እንኳ አትሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የጨረቃ ልዩነት ከምድር ስበት ጋር ሲነጻጸር የአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ስለሆነ ውሃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሊያነሣው አይችልም። የሚያደርገው በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ውሃውን ወደ ጎን እየገፋ በሁለቱ ወገኖች ማከማቸት ነው። በኩሬ ወይም በትንሽ ሐይቅ ሙላት የማናስተውለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ሁለቱን እናጣምር። ጨረቃ ስትወለድም ሆነ ሙሉ ስትሆን ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ገደማ ይሰለፋሉ። ሙሉ ጨረቃ በፀሐይ ተቃራኒ ስለምትቆም ሁለቱ ኃይሎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ ብዬ አስብ ነበር፤ ግን እያንዳንዳቸው በሁለቱም ወገን ሙላት ስለሚፈጥሩ ሙላት በሙላት ላይ ይደረባል፣ 3.3 ሲደመር 1.5 ደግሞ 4.8 ይሆናል። ታላቁ ሙላት የሚባለው ይህ ነው፤ በዚያው ቀን ጉድለቱም እጅግ ዝቅ ይላል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን የጨረቃ ሙላት የሚያርፈው የፀሐይ ጉድለት ባለበት ስፍራ ስለሆነ 3.3 ሲቀነስ 1.5፣ ማለትም 1.8 ብቻ ይቀራል፤ ይህ ትንሹ ሙላት ነው። በስሌት ታላቁ የትንሹን 2.7 እጥፍ ያህላል፤ ከአንዱ ታላቅ ሙላት እስከሚቀጥለውም 15 ቀን ገደማ ይፈጃል።

ይህን በዓይኔ ለማየት አንድ ጊዜ በባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ድንጋይ ሳስቀምጥ ሰንብቻለሁ፤ አንዱን ውሃው በደረሰበት ጫፍ፣ ሌላውን በሸሸበት ጫፍ። ጨረቃ በሰማይ ላይ በየቀኑ ወደ ፊት ስለምትሄድ ሙላቱ ከቀን ወደ ቀን 50 ደቂቃ ያህል ይዘገይብኝ ነበር። ሙሉ ጨረቃ በታየችበት ሌሊት ከሌላው ሁሉ የላቀ ምልክት ጠብቄ ነበር፤ ውሃው ግን በማግሥቱ ያንን ድንጋይ አለፈው፣ በሦስተኛውም ቀን ደገመው። በዚያ ቀን በሁለቱ ድንጋዮች መካከል 58 እርምጃ ቆጠርሁ። ከሳምንት በኋላ፣ ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ እርምጃዬ 24 ብቻ ሆነ።

መዘግየቱ የሰማዩ ስሌት ስሕተት አይደለም። ግዙፍ የሆነው የውቅያኖስ ውሃ ለተለወጠው ኃይል ወዲያው አይታዘዝም፤ በየብስ ይታገዳል፣ በጥልቀቱና በባሕሩ ቅርጽ ይመራል። ለዚህ ነው አንዳንድ ዳርቻ በቀን አንድ ሙላት ብቻ የሚያየው፣ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውሃው እስከ 16 ሜትር የሚነሣው፤ ለዚህም ነው ወደቦች የሙላት ሰዓታቸውን የሚተነብዩት በዚያው ስፍራ ለረጅም ጊዜ ከተለካ የውሃ ከፍታ ተነሥተው የሆነው።