የተፋቀ የመቃብር ድንጋይ፦ ፮ ነው ወይስ ፯?

[ምስል፦ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ያረጀ የመቃብር ድንጋይ ፎቶ። ካሜራው ወደ መጨረሻው መስመር ይጠጋል።]

ተራኪ፦ እንዲህ ያለ ፎቶ ደረሰን እንበል። ላኪዎቹ አሜሪካ ያደጉ የልጅ ልጆች ናቸው። ፊደሉን አያነቡም፤ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ይፈልጉታል። ስሙና «ነፍስ ይማር» የሚለው ጥሩ ይነበባል። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ቃል ሲፋቅ ከጎኑ ካለው ቃል መገመት ይቻላል። ቁጥር ግን ሲፋቅ ግምት አይቀበልም።

[ምስል፦ የሚነበበው ክፍል በነጭ ጎልቶ ይታያል፦ «ዓር… ጥር ፲… በሚካኤል ዕለት… ፲፱፻፴… በዘመነ ዮ…»]

ተራኪ፦ መጀመሪያ የተሻለ ፎቶ እንለምን። እዚያ ያለ ዘመድ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይሂድ። ካሜራውን ፊት ለፊት ይያዝ፤ የሌላ ስልክ መብራት ደግሞ ድንጋዩን ሊነካ እስኪል ከጎን ያስጠጋ። ያኔ ጭረቶቹ ጥላ ይጥላሉ።

አንድ ፎቶ ግን አይበቃም። ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ ሲመጣ የቆሙት ጭረቶች ይወጣሉ፣ የተጋደሙት ይጠፋሉ። በእኛ ፊደል ደግሞ የተጋደመው ጭረት ብዙ ሥራ አለው። የግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች ሰረዝ አለው፤ ካዕብና ሣልስም የሚለዩት በትንሽ ሰረዝ ነው። ስለዚህ ከላይ በኩል የበራ ሌላ ፎቶ የግድ ነው። እባካችሁ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፣ ኖራም ጠመኔም አትቀቡት። የጠፋው እንዳይመለስ የሚያደርገው ያ ነው።

[ምስል፦ በአዲሱ ፎቶ የመጨረሻው ቁጥር። ከጎኑ ፮ እና ፯ ይታያሉ።]

ተራኪ፦ አሁን የመጨረሻው አኃዝ ወይ ፮ ወይ ፯ መሆኑ ታየ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ጭረት ላይ ደግሞ ድንጋዩ ተሸርፏል። ዓመቱ 1936 ነው ወይስ 1937? እዚህ ላይ ዓይን ማፍጠጥ ዋጋ የለውም። ድንጋዩ ራሱ ምስክር ይቁጠር።

ቀኑ ቀላል ነው። ፲ ብቻ ቢቀርም «በሚካኤል ዕለት» ይላል። ሚካኤል በ12 ነው። አለቀ።

ሁለተኛው ምስክር ወንጌላዊው ነው። «በዘመነ ዮ» ካለ ዮሐንስ ነው፤ ሌላ በዮ የሚጀምር የለም። (የቀረችው «ማ» ብትሆን ኖሮ ማቴዎስና ማርቆስ ላይ እንቸገር ነበር።) በ1936 ላይ 5500 ስንደምር 7436 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለአራት ሲካፈል 1859 ይደርሳል፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው፤ ቀሪ የለም። ቀሪ ከሌለ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። 1937 ግን አንድ ይተርፈዋል፤ ያ ማቴዎስ ነው።

[ምስል፦ 7436 + 1859 = 9295፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪ 6]

ተራኪ፦ ሦስተኛው ምስክር የሳምንቱ ቀን ነው። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረን ለሰባት ስናካፍል ስድስት ይተርፋል። ስድስት ሲተርፍ መስከረም 1 እሑድ ይውላል። ከዚያ እስከ ጥር 12 ያለው 131 ቀን ነው፤ ሳምንታቱ ሲወጡ አምስት ይቀራል። ከእሑድ አምስት ቀን ስንቆጥር ዓርብ ላይ እንወድቃለን። በ1937 ቢሆን ጥር 12 ቅዳሜ ነበር። ድንጋዩ «ዓር» ይላል። ስለዚህ ፮ ነው።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልሰው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥር 1 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ነው። 1935 ግን ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ስለዚህ በ1936 ጥር 1 ወደ ጃንዋሪ 10 ተገፋ። ጥር 12 ጃንዋሪ 21፣ 1944 ነው፤ 20 አይደለም።

[ምስል፦ የትርጉሙ ረቂቅ። ከተፋቀው የተሞላው ሁሉ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነው፦ ዓር[ብ] ጥር 1[2] በሚካኤል ዕለት 193[6]፣ በዘመነ ዮ[ሐንስ]]

ተራኪ፦ ትርጉሙ ላይ ከራሳችን የሞላነው ሁሉ በማዕዘን ቅንፍ ይግባ፤ ያየነው ከቅንፍ ውጭ ይቅር። ሁለቱንም አቆጣጠር እንጻፍ። ቤተሰቡ ነገ ሌላ ሰነድ ቢያገኝ የቱን ማመን፣ የቱን መጠራጠር እንዳለበት ያውቃል።

ምስክሮቹ ባይስማሙስ? ያጋጥማል። ሐውልቱ ከዓመታት በኋላ የቆመ ሊሆን ይችላል፣ ጠራቢውም ሊሳሳት ይችላል። ያኔ የተቀረጸውን እንዳለ እንተረጉማለን፤ አለመስማማቱን ከሥር በአንድ መስመር እንጽፋለን። ዕለቱም ወንጌላዊውም ከሌለ ደግሞ «1936 ወይም 1937» ብለን እናስረክባለን።