የሠላሳ ሜትሩን ሰዓት መዋኛ ቦታ ምን ወሰደው?
(በቡራዩ የሰዓት ሠሪዎችና ሻጮች ሼድ ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን።

ላስቲክ ወጥረን ስንሠራ የነበርን ሰዎች ዛሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጠናል። ስለ ሼዱ ሌሎች ተናግረዋል። እኔ የመጣሁት ከሰዓት ጀርባ ላይ ስላለች አንዲት ጽሑፍ ልናገር ነው። «30 ሜትር» የምትለዋ። አንዳንዱ ላይ 3 ባር ወይም 3 ኤቲኤም ተብላ ትጻፋለች፤ ሁሉም አንድ ናቸው።

ባለፈው አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ለልጁ ምረቃ የተገዛ ሰዓት ነው። ልጁ ቢሾፍቱ ሆቴል ዋኝቶ ሲወጣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሷል። አባትየው ተቆጥተዋል። «መዋኛው ሁለት ሜትር አይሞላም። ሰዓቱ ሠላሳ ሜትር ይችላል ተብዬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንዲህ ብሎ የሸጠላቸው ከእኛው መሐል ያለ ሰው ነው።

ሰዓቱን ከፈትኩት። የጀርባ ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት አንድ ቦታ ላይ ተቆንጥጦ ተጠምዝዟል። ባትሪ የቀየረው ሰው ጎማውን ቦታው ላይ ሳያስተካክል ክዳኑን ተጭኖ ዘግቶታል። የማዞሪያው ጎማም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የባትሪው መያዣ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እንዲህ ላለ ሰዓት ሁለት ሜትርም ብዙ ነው።

ታዲያ ሠላሳው ምን ማለት ነው? ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይደረግና ሠላሳ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚገኘውን ያህል ግፊት ለአሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። ውሃው የረጋ ነው። ማዞሪያውን የሚነካ የለም። ጎማው አዲስ ነው። ለተራ ሰዓት ደረጃው እያንዳንዱን ፍሬ መፈተን አያስገድድም፤ ናሙና ይበቃል። ለጠላቂዎች የሚሠራው ሰዓት ግን ሌላ ደረጃ አለው፤ እሱ አንድ በአንድ ይፈተናል። እንግዲህ ቁጥሩ የሚነግረን አዲሱ ሰዓት የቻለውን ግፊት ነው። ይዘኸው ሠላሳ ሜትር ውረድ አላለም።

ዋና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ዘሎ ይገባል። ሰዓቱ ውሃውን በጥፊ ነው የሚመታው። ውስጡ የሞቀው አየር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ከውጭ ይስባል። ጎማው ደህና ከሆነ ምንም አይደል። ከደከመ ግን በዚያችው ክፍተት ውሃ ይገባል። ማዞሪያው ትንሽ ወጣ ብሎ ከነበረማ አለቀ።

ስለዚህ 30 ሜትር ለዝናብና ለእጅ መታጠብ ነው። 50 ሜትር የሚለውን አንዳንድ አምራቾች ለአጭር ዋና ይፈቅዱታል፤ ማረጋገጫው ከሰዓቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ነው። በደንብ የሚዋኝ ሰው 100 ሜትር የተባለውን ይግዛ፤ እሱም ጎማው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ።

አሁን ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። «ውሃ ውስጥ ብትነክረው ምንም አይሆንም» እያልን የምንሸጥ እኛ ነን! ስንቱ ሰዓት ላይ ያ ጽሑፍ እንዲያው እንደ ጌጥ እንደሚታተም እናውቃለን። የታዋቂ ብራንድ ስም ለብሶ የመጣ አስመስሎ የተሠራ ሰዓት ላይ 100 ሜትር ቢል ማን ፈትኖት ነው? ገዢው አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። እያወቅን ገንዘቡን ተቀብለን፣ ሲበላሽ «አጠቃቀምህ ነው» ማለት ነውር ነው!

ባትሪ የምትቀይሩ ልጆች ደግሞ ስሙኝ። ጎማውን አውጥታችሁ እዩት። ከደረቀ ወይም ከተዘረጠጠ ቀይሩት። ደህና ከሆነ ሲሊኮን ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና ጎድጓዱ ውስጥ ዙሪያውን ካስቀመጣችሁት በኋላ ክዳኑን ዝጉ። የግፊት መፈተኛ ማሽን ስለሌለን «እንደ አዲስ ሆኗል» አትበሉ። «ከዚህ በኋላ አትዋኝበት» በሉት።

ውሃ ገብቶበታል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ሰዓት በቀላሉ ማወቅ ይቻላል። ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ አሙቁት፤ ከዚያ አታሳልፉት። መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አኑሩና ከደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ከጠብታው ሥር በውስጥ በኩል ጉም ከታየ እርጥበት አለ። ይህ የፋብሪካዎቹም ፍተሻ ነው። ያኔ ሳታሳድሩ ክፈቱት፤ ዝገት አይጠብቅም።

ሳሙናና ሙቅ ሻወርም ጎማ ይጎዳሉ። ሰዓታቸውን አስረው ሻወር ለሚገቡት ይህንንም ንገሯቸው።

የአባትየውን ሰዓት ሞተሩን ቀይሬ፣ ሁለቱንም ጎማዎች አዲስ አድርጌ መልሻለሁ። የሸጠላቸው ወንድማችን እዚህ አለ፤ ስሙን አልጠራም። የሞተሩን ዋጋ ይሸፍንላቸው።

አመሰግናለሁ።