ሂትማፕ ስንሠራ ራዲየሱ ስንት ይሁን?

[ስክሪን፦ የባሕር ዳር ካርታ፣ በላዩ የተበተኑ ነጥቦች]

እነዚህ ነጥቦች የትራፊክ አደጋ ሪፖርቶች ናቸው። ለማሳያ የፈጠርናቸው ናቸው፣ የማንም መዝገብ አይደሉም። የካርታ ፕሮግራሙን QGIS ከፍተን ሂትማፕ፣ ማለትም ነጥቦች የበዙበትን ቦታ አድምቆ የሚያሳይ ካርታ፣ እንሥራባቸው።

ከዚያ በፊት ግን የሌየሩን መለኪያ እዩ። መረጃው ከጂፒኤስ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪ ነው። እዚያ ላይ 300 ብትጽፉ 300 ዲግሪ ይሆንላችኋል፤ አንዱ ዲግሪ ብቻ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ሌየሩን በ EPSG:32637፣ ማለትም በ UTM ዞን 37N፣ ሴቭ አድርጉት። ባሕር ዳር እዚህ ዞን ውስጥ ናት፣ መለኪያውም ሜትር ነው።

[ስክሪን፦ Heatmap (Kernel Density Estimation)]

ፕሮግራሙ በየነጥቡ ዙሪያ ክብ ይሠራል። ክብደቱ መሃል ላይ ከፍ ይልና ጠርዙ ጋ ዜሮ ይገባል። ክቦቹ ሲደራረቡ ይደመራሉ። Radius የሚለው የዚህ ክብ ራዲየስ ነው። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው፤ Quartic የሚለውን የከርነል ቅርጽ እንዳለ ተዉት።

[ስክሪን፦ 100፣ 300 እና 1000 ሜትር ጎን ለጎን]

በ100 ካርታው ሽፍታ ያወጣ ይመስላል። በ1000 ደግሞ መሃል ከተማው በሙሉ አንድ ቀይ እብጠት ሆኗል። የቱ ይሻላል?

እኔ ከሪፖርቱ አጻጻፍ እጀምራለሁ። «ከዓባይ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ባጃጅና ሞተር» ይላል እንበል። አለፍ ብሎ ስንት ሜትር ነው? ይህን ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው 150 ሜትር ቢስት አይፈረድበትም። ነጥቡ ራሱ ይህን ያህል የሚዋልል ከሆነ፣ የ100 ሜትር ራዲየስ የሚያሳየን የመዝጋቢውን ግምት ነው። ስለዚህ ከስህተቱ እጥፍ በታች አልወርድም፤ እዚህ 300 ማለት ነው።

ጣሪያውን የሚወስነው ጥያቄያችሁ ነው። የፍጥነት መቀነሻ የቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይሠራ ከተባለ፣ 700 ሜትር የሚራራቁ ሁለት መስቀለኛ መንገዶች ተለይተው መታየት አለባቸው። በ300 ክቦቻቸው አይነካኩም። በ1000 ይዋሃዳሉ።

ከዚያ ሪፖርቶቹን በቀን ለሁለት ክፈሏቸውና በዚያው ራዲየስ ሁለት ካርታ ሥሩ። ደማቁ ቦታ በአንዱ ታይቶ በሌላው ከጠፋ፣ ወይ ራዲየሱ ጠብቧል፣ ወይ መንገዱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ።

[ስክሪን፦ አንድ ደማቅ ክብ]

በኮምፓስ የተሠራ የመሰለ ክብ ካያችሁ ደግሞ ተጠራጠሩ። ብዙ ጊዜ አድራሻ ያጡ ሪፖርቶች አንድ ነጥብ ላይ፣ ለምሳሌ ቀበሌው መሃል፣ ተቆልለው ነው።

[ስክሪን፦ የጣና ዳርቻ]

ጣና ዳር ሌላ ጣጣ አለ። ዳርቻው ላይ ያለ ነጥብ ግማሽ ያህል ክብደቱን ውኃው ላይ ያፈስሳል፤ ከሐይቁ በኩል የሚያካክስለት ነጥብ የለም። የዳርቻው መንገድ ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቅዞ ይታያል። ሐይቁን ከራስተሩ ቆርጣችሁ ብታወጡት ቀለሙ ይጠፋል እንጂ የፈሰሰው ክብደት ወደ መንገዱ አይመለስም።