ከንባብ ወደ ሂሳብ፦ መሃል ላይ የሚጠፉት ደቂቃዎች

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! የዛሬው ቪዲዮ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለምታስተምሩ ነው። በተለይ ክፍላችሁ ሞቅ ያለ ለሆነባችሁ።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በዚህ ውስጥ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይዞራሉ እንበል። አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ከበላ፣ 9 ደቂቃ ሄደ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ 54 ደቂቃ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ ከነምርቃቱ።

ታዲያ ደቂቃው የት ነው የሚጠፋው? ልጆቹ ሲንቀሳቀሱ? አይደለም። ሲጠብቁ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ ሲጠብቁ ነው።

እስቲ ታክሲ እንሳፈር። ሚኒባስ፣ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ። ጎበዝ ረዳት ሂሳብ የሚሰበስበው መቼ ነው? ታክሲው እየሄደ ነው። መልስ የሚሰጠውም እየሄደ ነው። «ወራጅ አለ?» የሚለው ደግሞ ከፌርማታው በፊት ነው። ያኔ በሩ አጠገብ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን ይሰበስባሉ። የሚታጠፈው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ቀድሞ ይነሳል፤ እሱ ካልተነሳ የኋለኞቹ መውጫ የላቸውም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወራጁ ዝግጁ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይወርዳል፣ ታክሲው ይነሳል።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ረዳት አስቡት። ፌርማታው ላይ ደርሶ ነው «ሂሳብ!» የሚለው። አንዱ ሁለት መቶ ብር ያወጣል፣ ዝርዝር የለም። ረዳቱ ለመዘርዘር ወደ ሱቅ ይሮጣል። ከኋላ መኪና ይጮሃል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ተሳፋሪው ግን አላጠፋም! የቆመው እኮ ረዳቱ ሥራውን ለፌርማታ ስላቆየው ነው። እኛም ክፍል ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ደብተር የምናድለው፣ የቤት ሥራ የምንናገረው፣ እርሳስ የምናስቀርፀው ፌርማታው ላይ ቆመን ነው።

በሉ ወደ ክፍል እንግባ። የኔ 2ኛ ክፍል፦ 54 ልጆች፣ 18 ዴስክ፣ ሦስት ረድፍ። ከአማርኛ ንባብ ወደ ሂሳብ እንዞራለን። ሂሳቡ በቆርኪ ነው፤ በየዴስኩ 30 ቆርኪ፣ አሥር አሥር እያደረጉ መቁጠር።

መጀመሪያ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። «መጽሐፍ ዝጉ፣ የሂሳብ ደብተር አውጡ» አልኩ። ከዚያ ቆርኪውን ራሴ ማደል ጀመርኩ። አንድ ዴስክ ጋ 15 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 18 ዴስክ ሲሆን አራት ደቂቃ ተኩል። የመጀመሪያው ዴስክ ተቀብሎ ጨርሷል፣ የመጨረሻው ገና ነው። መሃል ላይ «ቆይ! የአማርኛ የቤት ሥራችሁን ሳልነግራችሁ!» አልኩ። የተዘጋው መጽሐፍ ሁሉ እንደገና ተከፈተ። በቃ፣ ያ ክፍለ ጊዜ አለቀለት።

ጃኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራ ይህን ስህተት ለይቶ አስቀምጦታል፦ የዘጉትን ሥራ ተመልሶ መክፈት። ሌላም አለው፦ አንድ ላይ መሄድ የሚችለውን ክፍል አንድ በአንድ ማስኬድ። እኔ በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ሠርቻለሁ።

ማስተካከያው አጭር ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ቆርኪው ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ በ18 ትንንሽ ፌስታል ተቆጥሮ ይታሰራል። ለየረድፉ አንድ አዳይ ይመደባል፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ፌስታል። የቤት ሥራው አስቀድሞ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፋል። የተቀረፁ እርሳሶች በጣሳ ይቀመጣሉ፤ የተሰበረበት ልጅ ቀይሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው የሂሳብ ጥያቄም ሰሌዳው ላይ ቀድሞ ይጠብቃል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር «ወራጅ!» እላለሁ። አዎ፣ ቃሉን ከታክሲ ወስጄዋለሁ፣ ልጆቹ ይወዱታል። ከዚያ ሦስት ጭብጨባ፣ ትእዛዝ፣ መነሻ ቃል።

ትእዛዙ ላይ ግን ልቁም። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «የሂሳብ ደብተራችሁን ስነግራችሁ ታወጣላችሁ» ስትሉ ልጁ «የሂሳብ ደብተር» የምትለዋን ሰምቶ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። «ስነግራችሁ» የሚለውን ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ገልብጡት። «‹ተነሳን› ስል፣ መጽሐፍ ወደ ቦርሳ፣ የሂሳብ ደብተር ወደ ዴስክ።» ሁኔታው ቀድሞ ይምጣ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝም በሉ። ከዚያ «ተነሳን!»

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ፌስታሎቹን ንባቡ ሳያልቅ አሳደልኩ። ቆርኪ ሲንኮሻኮሽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? 18 ፌስታል ቆርኪ! ያን ቀን ንባቡን የጨረሰ ልጅ የለም። አሁን አዳዮቹ የሚነሱት «ተነሳን» ከተባለ በኋላ ነው። ሌላው መጽሐፉን ሲከት እነሱ ያድላሉ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ስር ደጋግማችሁ ወደጻፋችሁት ልምጣ። «መምህር፣ ክፍሉ ጸጥ ሳይል እንዴት እጀምራለሁ?» ብላችኋል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላልፈው አልችልም።

እስቲ አንድ ዴስክ አብረን እንይ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ በ20 ሰከንድ ደብተሯን አውጥታለች። ቀኑን ጽፋለች። እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። እኔ ደግሞ የመጨረሻው ዴስክ ጸጥ እስኪል በዳስተር ጠረጴዛ እመታለሁ። 40 ሰከንድ አለፈ። አንድ ደቂቃ። እጇ ተፈታ። የጎረቤቷን ላጲስ ነካች። ጎረቤቷ «አትንኪብኝ!» አለች። በቃ፣ አሁን እዚያም ዴስክ ጫጫታ አለ። ማን አመጣው? መጠበቁ አመጣው! ጸጥታ ስጠብቅ የነበሩትን ጸጥተኞች አጣሁ።

ለዚህ ነው ጥያቄው ሰሌዳው ላይ ቀድሞ የሚጻፈው። የደረሰ ይጀምራል። የዘገየው ዙሪያው ሁሉ ሲሠራ ሲያይ ይከተላል። እኔም ዘገየ ወዳልኩት ልጅ ሄጄ ጎኑ እቆማለሁ፣ ከፊት ሆኜ ስሙን አልጠራም።

ጸጥታ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አዲስ ነገር ስታብራሩ የሁሉም ዓይን እናንተ ጋ መሆን አለበት። ትእዛዝ ስትሰጡም እንዲሁ። ዕቃ ሲወጣና ሲገባ ግን መጠነኛ ድምፅ ይኖራል፤ 54 ልጅ ነው እኮ።

መሻሻሉን እንዴት ታውቃላችሁ? በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ከጭብጨባው ጀምሩ፣ 50 ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጽፍ አቁሙ። አራቱን አትጠብቁ፤ እነሱ ጋ በእግር ይኬዳል። የኔ ክፍል ከስድስት ደቂቃ ወርዶ አሁን አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። ግን በአንድ ቀን አልመጣም። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ትምህርት ሽግግሩን ብቻ ተለማመድን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ረጅም በዓል ሲያልፍ ደግሞ እንደገና።

ረድፍ ከረድፍ አታወዳድሩ፣ አደራ። ይጋፋሉ፣ ይወድቃሉ። ለመንቀሳቀስ ጊዜ የሚፈልግ ልጅ ካለ «ወራጅ» ስትሉ ያኔውኑ ይጀምር፤ ታክሲ ውስጥም አዛውንት ቀድመው ነው የሚነሱት።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለክፍል ባልደረባችሁም ላኩት። በሚቀጥለው ከዕረፍት መልስ ያለውን እንይዛለን፤ ላብ፣ አቧራ፣ «ውኃ ልጠጣ» እና የጠፋ አንድ ጫማ።